ተናጋሪ የሌለው ደብዳቤ

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ብሔራዊ ቴአትር ለሚወርድ ሰው ግራና ቀኙ የባንክ ፎቅ ነው። እነዚህ ፎቆች ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያመላልሱት፤ ከጠዋት እስከ ማታ አማርኛም ያመርታሉ። ልብ ወለድ ገዝቶ የማያውቅ፣ የግጥም ምሽት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ከባንክ የተላከለትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ያነበዋል፤ ያልገባው እንደሆነም ለጎረቤት ያስነብባል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ግን ይህን አማርኛ እንደ አማርኛ አንቆጥረውም። ጠቤ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ነገሩን ወደ አንዲት ክፍል ላጥብበው። የብድር ክትትል ክፍል እንበል። በክፍሏ አራት ሰዎች ይጽፋሉ። አራቱም ለተበዳሪዎች ደብዳቤና የስልክ መልእክት ያዘጋጃሉ፤ አራቱም የሚጽፉት በአንድ ማኅተም ሥር ነው። አንድ ቀን አለቃ ተነሥቶ «ይህ ሁሉ መልእክት ከአንድ አፍ የወጣ መምሰል አለበት፤ አንድ ሰው ይቀመጥና እንደገና ይጻፈው» ይላል። ይህ ሥራ በየቢሮው አለ፤ እኔም በተራዬ ሠርቼዋለሁ። እንዴት እንደሚሠራ ግን ሁለት የተሳሳቱ ወገኖች ይከራከሩበታል።

የመጀመሪያው ወገን የቢሮው ሰው ነው። ለእሱ አንድ ድምፅ ማለት «ኦፊሴላዊ» አማርኛ ነው፤ ሁሉም ዓረፍተ ነገር «መሆኑን እያሳወቅን»፣ «እንዲፈጸም የሚደረግ ይሆናል»፣ «ተገቢው እርምጃ የሚወሰድ መሆኑ ይታወቅ» በሚል ጅራት እንዲያልቅ ይፈልጋል። ሁለተኛው ወገን የእኛው ሰው፣ የሥነ ጽሑፉ ሰው ነው። እሱ ደግሞ «አማርኛ ለሚችል ሰው ስጡትና ያሳምረው» ይላል፤ ወይም ከዚያ ብሶ «የእያንዳንዱን ጸሐፊ ድምፅ አትግደሉ» ብሎ ይሟገታል። አንደኛው ድምፅን ከልማድ ሐረግ ይፈልገዋል፤ ሌላው ከቃላት ውበት። እኔ ሁለቱም ቦታ የለም እላለሁ። የአንድ ክፍል ድምፅ ያለው ማን ለማን እንደሚናገር በሚያሳየው በግሡ ጫፍ ላይ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። አንድ ተበዳሪ የነሐሴን ክፍያ አሳለፈ። ከአራቱ ጸሐፊዎች አንጋፋው እንዲህ ይጽፉለታል፦ «በውሉ መሠረት መክፈል የሚገባዎትን ገንዘብ እስከ አሁን ባለመክፈልዎ በጥብቅ እናስጠነቅቃለን።» ወጣቱ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ የሎን ክፍያህ/ሽ ስላለፈ ዛሬውኑ ገቢ አድርግ/ጊ።» የሕግ ትምህርት የቀመሰው ሦስተኛው፦ «ተበዳሪው ክፍያውን ያልፈጸመ ስለሆነ መያዣው ለሐራጅ እንዲቀርብ የሚደረግ ይሆናል።» አራተኛዋ፣ ልበ ርኅሩኋ፦ «ጉዳይ አጋጥሞዎት እንደሆነ እንረዳለን፤ ቢሆንም ቢችሉ ክፍያውን ቢያስገቡልን ደስ ይለናል።»

አራቱም መልእክት የሚያወራው ስለ አንድ ክፍያ ነው። ተበዳሪው ግን በመጀመሪያው ተገሥጿል፤ በሁለተኛው ከወንድና ከሴት የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ «አንተ» ወይም «አንቺ» ተብሏል፤ በሦስተኛው ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ እንደሌለ ሰው ተወርቶበታል፤ በአራተኛው ተለምኗል። አራቱም በአንድ መንፈቅ ውስጥ ለአንድ ሰው ሊደርሱት ይችላሉ። ያን ጊዜ ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም፤ «ቁጣው የጸሐፊው ነው፣ ልመናው የባንኩ ነው» ብሎ ለራሱ የሚስማማውን ይመርጣል። የተዘበራረቀ ድምፅ ጉዳቱ ይህ ነው፤ አንባቢው የትኛውን ቃል ማመን እንዳለበት አያውቅም፤ ስለዚህ ይቆያል፤ ሲቆይም ወለዱ ይቆጥራል።

አሁን የቢሮውን ሰው መድኃኒት እንሞክረው። አራቱንም ወደ «የሚደረግ ይሆናል» ብንለውጣቸው በርግጥ ይመሳሰላሉ። የሚመሳሰሉት ግን ተናጋሪያቸው ስለጠፋ ነው። ማን ነው ለሐራጅ የሚያቀርበው? ማን ነው እርምጃ የሚወስደው? ማንም። ይህ ከአንድ አፍ የወጣ ድምፅ ነው ለማለት ይከብዳል፤ አፍ የለውምና።

በአማርኛ ደግሞ ይህ ጥፋት ከሌላው ቋንቋ ይልቅ ይከፋል፤ የከፋበትም ምክንያት ሰዋስዋዊ ነው። እርስዎ፣ እሳቸው፣ እነርሱ፣ ሦስቱም አንድ ግሥ ይጋራሉ። «ካልከፈሉ» ሲባል ያልከፈሉት እርስዎ ኖት፣ እሳቸው ናቸው፣ ወይስ እነርሱ? ግሡ ብቻውን አይነግረንም። በንግግር ዓይንና እጅ ያግዙናል፤ በወረቀት ላይ ግን የሚያግዝ የለም። የሚከተለውን ዓይነት ደብዳቤ አስቡት፦ «ዋስዎ ስለ ጉዳዩ ተነግሯቸዋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈሉ ቤቱ ለሐራጅ ይቀርባል።» ካልከፈሉ ማን? ተበዳሪው ነው ወይስ ዋሱ? ወይስ ሁለቱም ተጋግዘው? ቤቱስ የማን ቤት ነው? ተበዳሪው ይህን አንብቦ «ነገሩ ወደ ዋሱ ዞሯል» ብሎ እፎይ ቢል አማርኛው ይፈቅድለታል። ዋሱም አንብቦ በድንጋጤ ቢወድቅ አማርኛው ይፈቅድለታል።

ይህ ደግሞ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ ይህንኑ የሚፈቅድ ስምምነት ካለው፣ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ለባለዕዳው ግን ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ እንዲሰጥ አስገድዶታል። አንድ ቤተሰብ ቤቱን ለማትረፍ ያለው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው። ያችን ወረቀት ከእርሷ በፊት ከመጡት የማስታወሻ ደብዳቤዎች መለየት ካልቻለ 30 ቀኑ በከንቱ ያልፋል። ስለዚህ የአራት ሰዎችን መልእክት ወደ አንድ ድምፅ የሚያመጣ ሰው የሚነካው የሰው በር ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? እኔ የምከተለው መንገድ የሚከተለው ነው፤ የተሻለ ያለው ይሟገተኝ።

በመጀመሪያ ምንም አልጽፍም። መልእክቶቹን ሁሉ አሰባስቤ ከእያንዳንዱ አምስት ነገር ብቻ ለይቼ አወጣለሁ፦ ማን ይናገራል? ለማን? ምን ይጠይቃል? እስከ መቼ? ካልሆነስ ምን ይከተላል? ከአምስቱ አንዱ ባዶ ከሆነ መልእክቱን ወደ ጻፈው ሰው እመልሳለሁ እንጂ ከራሴ አልሞላውም። ምክንያቱም ድምፅ አስተካካይ ነገሩን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። ልበ ርኅሩኋ «ቢችሉ» ስትል በርግጥ ለተበዳሪው የጊዜ ማራዘሚያ ፈቅዳ እንደሆነ፣ ወይስ አክብሮት ብቻ እንደሆነ፣ ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ያስከተለውን መዘዝ ሁላችን እናውቃለን፤ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ያለውን ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። «ይችላሉ» እና «ይገባዎታል» የሚሉትን ለጆሮ ስለጣመ ብቻ የሚያለዋውጥ ሰው የዚያ አንቀጽ ወራሽ ነው።

ቀጥሎ ሰዎቹን እወስናለሁ። ተናጋሪው ሁልጊዜ «እኛ» ነው፤ ተደራሲው ሁልጊዜ «እርስዎ» ነው። «እርስዎ» ጾታ ስለማይለይ የወጣቱን እዝባር በአንድ ምት ያስወግደዋል። ከሁለቱ ውጪ ያለ ሰው ደግሞ በተውላጠ ስም አይጠራም፤ ዋሱ በተነሣ ቁጥር «ዋስዎ» ይባላል፤ ግሡም ከስሙ ርቆ ብቻውን አይቆምም። ያ አደገኛ ዓረፍተ ነገር በዚህ ሕግ እንዲህ ይሆናል፦ «ክፍያው አለመድረሱን ለዋስዎ ነግረናል። እርስዎ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈሉን በመያዣ የሰጡንን ቤት ለሐራጅ እናቀርባለን።» ውበቱ አልጨመረም። ግን ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚከፍል፣ የማን ቤት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ለዚህ ቦታ የለም የሚሉኝ አሉ፤ በተለይ ስለ ስልክ መልእክት። እውነት አላቸው፤ አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተቆርጦ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ጸሐፊዎቻችን ቦታ ሲጠባቸው መጀመሪያ የሚያባርሩት ሰውን ነው፤ «ክፍያ አልተፈጸመም፤ ይፈጸም» ይላሉ። «ውድ ደንበኛችን፣» ግን አትነካም፤ እርሷ ብቻዋን 10 ምልክት ትወስዳለች። ይህን ደግሞ አስተያዩት፦ «የነሐሴ የብድር ክፍያዎ 8,400 ብር አልደረሰንም። እስከ መስከረም 10 ይክፈሉን።» ክፍተትና ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ 52 ነው። «ክፍያዎ» ላይ ያለችው «ዎ» እርስዎን፣ «ይክፈሉን» ላይ ያለችው «ን» እኛን ታስገባለች። አማርኛ ሰውን በአንዲት ፊደል የሚያኖር ቋንቋ ነው፤ ቦታ ጠበበን ብሎ ሰውን ማስወጣት ስንፍና ነው።

ሦስተኛው የክብደት መሰላል ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆቼን የማስቀይመውም እዚህ ላይ ነው። እናስታውሳለን፣ እናሳስባለን፣ እናስጠነቅቃለን፦ ግጥም የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሦስት ግሦች ሲያይ የሚመጣለት ማፈራረቅ ነው፤ አንድ ቃል መድገም ድህነት ነው ተብለን አድገናልና። አንጋፋው ጸሐፊ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘገየን ሰው «እናስጠነቅቃለን» ያሉት ከክፋት አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት «እናሳስባለን» ብለው ስለነበር ለመለወጥ ያህል ነው። ለተበዳሪው ግን ሦስቱ ቃላት ሦስት ደረጃዎች ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ይታሰሩ፦ የመጀመሪያው ወር ሲያልፍ እናስታውስዎታለን፤ ሁለተኛው ሲደገም እናሳስብዎታለን፤ «እናስጠነቅቅዎታለን» የምትለው ቃል ግን የ30 ቀኑን ቆጠራ ለምትጀምረው ወረቀት ብቻ ትቀመጥ፤ ከዚያ በፊት ከአንድም ብዕር አትውጣ። እንዲህ የተቆጠበች ቃል በመጣች ቀን ትሰማለች። በየሳምንቱ የሚያስጠነቅቅ ክፍል ግን እንደዚያ ተረት እረኛ ነው፤ ተኩላው በእውነት በመጣ ቀን የሚያምነው የለም።

አንድ ድምፅ ማለት አንድ ዓይነት ጩኸት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ሦስቱ ደብዳቤዎች በክብደት ይለያያሉ፤ የተናገረው ግን አንድ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። «እኛ»ና «እርስዎ» አልተለወጡም፤ ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም፤ የነገሩ ስምም አልተለወጠም፦ የወሩ ገንዘብ ሁልጊዜ «ክፍያ» ነው፤ ጠቅላላው «ቀሪ ብድር» ነው፤ ቤቱ «መያዣ» ነው፤ ሰውዬው «ዋስ» ነው። ለቤቱም ለሰውየውም «ዋስትና» እያሉ መጻፍ በቢሮዎቻችን የተለመደ ነው፤ ባለቤቱ ግን ቤቱን ያስያዘ ይሁን ራሱን ያስያዘ ሳያውቅ ያድራል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከመሣሪያው ሰዓት የሚገለብጠው ጸሐፊ «እስከ 10፡00 ሰዓት» ሲል ጠዋት አራት ሰዓት ማለቱ ነው፤ አንባቢው የሚሰማው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ድምፅ ያለው ክፍል በአንድ ሰዓትና በአንድ የቀን መቁጠሪያ ይናገራል፦ «ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት»፣ «መስከረም 10 ቀን»።

ፊደልን ያላነሣሁት ረስቼው አይደለም። የእኛ ወገን መጀመሪያ የሚያርመው እርሱን ነው፤ «ሂሳብ» በሀሌታው ወይስ «ሒሳብ» በሐመሩ እያለ ግማሽ ቀን ይፋጃል። መወሰኑ ግድ ነው፤ ሰው ሁለቱንም ቢያነባቸውም በመሣሪያ ለሚፈልግ ሰው ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸውና አንዱን ሲፈልጉ ሌላው አይወጣም። ግን አንዱን መርጦ ለመጨረሻ መተው ይበቃል። ፊደሉ ጠርቶ ሰዎቹ የተምታቱበት ደብዳቤ ጥርሱን ፍቆ ንግግሩ የተወላገደ ሰው ነው።

አንድ የማስጠንቀቂያ ነገር ለሚሠራው ሰው። መልእክቶቹን በጸሐፊ ተራ አትጻፏቸው፤ የአንጋፋውን አሥር በተርታ ስትጽፉ በአሥረኛው የአንጋፋው ቁጣ ወደ እናንተ ይጋባል። በዓይነት ለዩአቸው፦ የመጀመሪያ ማስታወሻዎች አንድ ላይ፣ ማሳሰቢያዎች አንድ ላይ። ከሃያኛው መልእክት በኋላ ደግሞ የሚገባው የራሳችሁ ድምፅ ነው፤ ድካም ሲመጣ ሰው ወደ ለመደው ሐረግ ይመለሳልና። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የጻፋችኋትን አውጥታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቧት፤ ከሃያኛዋ ጋር አብራ የማትሄድ ከሆነ ሃያኛዋን ቅደዷት። ከዚያም ሁሉንም ለአራቱ ባልደረቦች ያለ ስም ስጧቸው። «ይህችኛዋ የእኔ ነበረች» ብሎ ከጉዳዩ ሳይሆን ከአነጋገሩ የሚለይ ካለ ሥራው አላለቀም። «ይህች ያንተ ናት» ብለው ወደ እናንተ ከጠቆሙ ደግሞ ጭራሽ አልተጀመረም።

ወሰንም አለው። ከውሉ የተጠቀሰ ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ እሱ የክፍሉ ድምፅ ስላልሆነ አይስተካከልም። ተበዳሪው ያረፈ እንደሆነም መሰላሉ ይታጠፋል። የልበ ርኅሩኋ ብዕር የሚያስፈልገው እዚህ ነው፦ «የባለቤትዎን ዕረፍት ሰምተናል፤ መጽናናትን እንመኝልዎታለን።» የገንዘቡ ነገር በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ቀን ይሁን። በዚያችም ወረቀት ቢሆን «እኛ»ና «እርስዎ» በቦታቸው ናቸው።

«ታዲያ የጸሐፊው ነፍስ የት ገባች?» የሚለኝ ወዳጅ አይጠፋም። ለእሱ የምመልሰው በራሳችን ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴርነቱን ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሰጡ። የዚያን ዘመን የቤተ መንግሥት ደብዳቤ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል፦ ቀድሞ ላኪው ከነማዕርጉ፣ ቀጥሎ «ይድረስ» ተብሎ ተቀባዩ፣ ከዚያ ሰላምታ፣ ከዚያ ጉዳዩ። ለባዕድ ንጉሥም ይሁን ለአገር ገዥ፣ ምስጋናም ይሁን ተግሣጽ፣ ማን ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ አንዲት ቃል ስለ ጉዳዩ አትወጣም። ቁም ጽሕፈቱን የጣለው እጅ ቢለዋወጥም የሚናገረው አንድ ነበር። እነዚያ ጸሐፍት ብዕራቸው የደከመ ሰዎች አልነበሩም፤ ገብረ ሥላሴ ራሳቸው የንጉሠ ነገሥቱን ዜና መዋዕል የጻፉ ሰው ናቸው። ለዜና መዋዕሉ የራሳቸውን ብዕር፣ ለደብዳቤው የላኪውን ድምፅ ማዋል ያውቁ ነበር።

ግጥሜን ያልወደደ ሰው ገጹን ይዘጋል፤ ማንም አይከሰውም። የባንክን ደብዳቤ ግን ተቀባዩ አልመረጠውም፤ ስላልጣመውም ሊዘጋው አይችልም። ስለዚህ በዚያ ወረቀት ላይ ነፍሴን ማየት የምሻ ከሆነ የምሻው ከሌላ ሰው ቤት ላይ ነው። የቢሮው ሰው ሰውን ከደብዳቤው አስወጣ፤ የእኛ ሰው ራሱን አስገባ፤ ሁለቱም የተደራሲውን ቦታ ወሰዱበት። «እርስዎ» ተብሎ የተጀመረ ደብዳቤ «እርስዎ» እንዳለ ይለቅ፤ «እኛ» ያለም ሲያስጠነቅቅም ሲያጽናናም «እኛ» ይበል። ይህን መጠበቅ የማይችል ክፍል ማኅተሙ አንድ ቢሆንም አራት ሰው ነው፤ ከአራት ሰው ጋር የተዋዋለ ተበዳሪ ደግሞ የለም።